ፀሐይ እያለ ሶላሩ ሙቅ ውሃ የማይሰጠው ለምንድን ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ አዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ በብዛት ለሚታየው፣ ግፊት ለሌለው ባለ መስታወት ቱቦ ሶላር የተዘጋጁ ናቸው፤ ባለ ጠፍጣፋ ፓነሉ የራሱ ጥያቄ አለው።

ባለ 200 ሊትር ሶላር በፀሐያማ ቀን ውሃውን ምን ያህል ማሞቅ አለበት?

ባለ 20 ቱቦና ባለ 200 ሊትር ሶላር ጥላ ሳይነካው ከዋለ፣ በአንድ ቀን ውሃውን ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጠዋት 17 ዲግሪ የነበረ ውሃ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከ42 እስከ 52 ዲግሪ ይደርሳል ማለት ነው። ሻጮች የሚናገሩት 70 እና 80 ዲግሪ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን የሚታየው ውሃው ሳይነካ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሲውል ነው።

የታንከሩ ሙቀት ትንሽ ሲወርድ የሚዳረሰው ሰው ቁጥር በጣም ይቀንሳል። አንድ ሰው በ40 ዲግሪ ውሃ 50 ሊትር ይታጠባል እንበል። ታንከሩ 60 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 17 ዲግሪ ከሆነ ከታንከሩ የሚወስደው 27 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ 200ው ሊትር ለሰባት ሰው ይበቃል። ታንከሩ 45 ዲግሪ ሲሆን ግን ያው ሰው 41 ሊትር ይወስዳል፤ አምስተኛው ሰው ሳይጨርስ ውሃው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ድሮ ለሁላችንም ይበቃ ነበር፣ አሁን አይበቃም» የሚል ቤት ሶላሩ ሥራ ያቆመ አይምሰለው። አሥር አሥራ አምስት ዲግሪ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው፤ መፈለግ ያለበትም እሱ ነው።

ችግሩ ሶላሩ ላይ ይሁን ቧንቧው ላይ በምን ልለይ?

ባልዲና ቴርሞሜትር ይበቃል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ ማንም ውሃ ሳይጠቀም፣ ከታንከሩ በሚወጣው መስመር ላይ ካለው ማፍሰሻ ወይም ከታንከሩ አጠገብ ካለው መፍቻ ሁለት ሦስት ሊትር ባልዲ ውስጥ ይቅዱና ይለኩ። የመጀመሪያውን ሊትር ይድፉት፤ ቧንቧ ውስጥ ቆሞ የቀዘቀዘ ነው። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ወርደው ሙቁን ብቻ ከፍተው፣ ውሃው የመጨረሻ ሙቀቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ይለኩ። ጣሪያ ላይ ሲቀዱ ይጠንቀቁ፤ ያልተነካ ታንከር ቆዳ የሚልጥ ውሃ ሊሰጥ ይችላል።

ጣሪያ ላይ ሙቅ ሆኖ ታች ለብ ካለ ወይም ጭራሽ ካልመጣ ሶላሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፦ አየር፣ የቀዝቃዛ ውሃ መቀላቀል፣ ወይም ያልተሸፈነ ረጅም መስመር። ጣሪያ ላይም ቀዝቃዛ ከሆነ ጥፋቱ ከቱቦዎቹ፣ ከጥላ ወይም በቀን ከሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። የባልዲው ውሃና ግድግዳ ላይ ያለው የተቆጣጣሪው ስክሪን የሚያሳየው ቁጥር ከ5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ደግሞ ሙቀቱን የሚለካውን ሴንሰር ይጠርጥሩ። ይህን ሳይለኩ ቱቦ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

የመስመሩንም ርዝመት አይርሱ። 20 ሜትር ባለ 25 ሚሊ ፒፒአር ቧንቧ ከ4 ሊትር በላይ ውሃ ይይዛል። ያ ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ ካልወጣ ሙቁ አይደርስም፤ እጅ መታጠቢያ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከፍቶ «አይሞቅም» ብሎ የሚዘጋ ሰው የሶላሩን ውሃ አልነካውም።

ውሃው ሲመጣ ያቃጥላል፣ ግን ወዲያው ያልቃል። ለምን?

ታንከሩ አልሞላም። ትንሽ ውሃ በ20 ቱቦ ሲሞቅ በጣም ይግላል፤ መጠኑ ግን የለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከሁሉም ምክንያት በላይ ያጋጥማል። ሶላሩ በቀጥታ ከመንገድ መስመር የሚሞላ ከሆነና ውሃ ለሁለት ቀን ከጠፋ፣ ቤተሰቡ ያለውን ሙቅ ውሃ ጨርሶታል። ሶላሩን ከሮቶ እንዲሞላ ማድረግ መፍትሔ የሚሆነው የሮቶው ታች ከሶላሩ ታንከር በላይ ከሆነ ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ጣሪያ ላይ ከተቀመጡ ሮቶው ሲጎድል ሶላሩ መሙላት ያቆማል፤ ያኔ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ከሶላሩ ጎን ያለችውን ትንሽ መሙያ ታንከርም ይክፈቱ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፎ መግቢያውን የሚዘጋው ፍሎተር ነጭ ቅርፊት ይዞት ወደ ላይ ተሰክቶ ከቀረ ውሃ እያለም አያስገባም። በእጅ ጫን ብለው ሲለቁት ውሃ ከገባ ችግሩ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናስጠነቅቃለን። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ቱቦዎቹ ፀሐይ ላይ ከዋሉ በቀን አይሙሉት። ባዶ ቱቦ ውስጡ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ወይም ፀሐይ ሳይወጣ ይሙሉት።

ቀዝቃዛው በኃይል ይመጣል፣ ሙቁ ግን እየተፋ ይንጠባጠባል። አየር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ይህ ሶላር ግፊት የለውም፤ ውሃውን የሚገፋው የታንከሩ ከፍታ ብቻ ነው። ታንከሩ ከሻወሩ 2 ሜትር ከፍ ካለ ያለው ግፊት 0.2 ባር ነው። ቧንቧው ጣሪያው ላይ የሆነ ቦታ ሽቅብ ወጥቶ፣ ለምሳሌ የጣሪያውን ግንብ ተሻግሮ፣ ከወረደ አየር እዚያ ጉብታ ላይ ይሰበሰባል፤ እየበዛ ሲሄድም ወደ ታች በሚወርደው ቧንቧ ውስጥ ይዘረጋል። የአየሩ ቁመት የታንከሩን ከፍታ ሲያክል ውሃው ይቆማል። የመንገድ መስመር 2 ባር ቢኖረው ያን አየር ጠርጎ ይሄዳል፤ 0.2 ባር ግን አይችልም።

ማስወጫው መንገድ ቀዝቃዛውን ወደ ሙቁ መስመር መልሶ መግፋት ነው። ሚክሰር ያለበት ሻወር ይምረጡ። የሻወሩን ጭንቅላት ፈትተው የሆዙን ጫፍ በአውራ ጣት በደንብ ይድፈኑት፤ ከዚያ ሙቁንና ቀዝቃዛውን አብረው ይክፈቱ። ቀዝቃዛው መውጫ ሲያጣ በሙቁ መስመር ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ ሲያጉረመርም ይሰማል። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ይያዙ፣ ቀዝቃዛውን ይዝጉ፣ ጣትዎን ያንሱና ሙቁ ይፍሰስ። እየተፋ ከመጣ በኋላ ሙሉ ሆኖ ከወረደ አየሩ ወጥቷል። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልግ ይሆናል፤ ግን አያብዙት፤ የሚገፋው ቀዝቃዛ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ነው የሚገባው።

ዘዴው የማይሠራባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ቀዝቃዛውም ከዚያው ጣሪያ ካለ ሮቶ የሚመጣ ከሆነ ግፊቱ እኩል ስለሆነ አይገፋም፤ ያኔ የመንገድ ውሃ እስኪመጣ ይጠብቁ ወይም በፓምፕ ይግፉት። ሁለተኛው፣ በሙቁ መውጫ ላይ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ካለ መልሶ መግፋት አይቻልም፤ ጉብታው ላይ ያለውን ዩኒየን የሚባል የሚፈታ መጋጠሚያ ትንሽ ላላ አድርጎ አየሩን ከዚያ ማስተንፈስ ይሻላል።

አየሩን አስወጥቼ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ከየት ነው የሚገባው?

ከሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል። ታንከሩ ባዶ በሆነ ቁጥር ቧንቧው አየር ይስባል። ቀዝቃዛ ውሃ ራሱም የሟሟ አየር ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቅ ያ አየር ይለቀቅና ወደ ከፍተኛው ቦታ ይሄዳል። ሦስተኛው ፎቅ ቤት ላይ ይታያል፦ ምድር ቤት ሙቁን ሰፊ አድርገው ሲከፍቱ፣ በዚያው ሰዓት ላይኛው ፎቅ የተከፈተ ሙቅ ቧንቧ ካለ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ላይ ያለው ሰው «ውሃው ፉጨት አሰማ» ይላል።

መፍትሔው ቧንቧውን ማስተካከል ነው እንጂ በየሳምንቱ ማስተንፈስ አይደለም። የሙቅ መስመሩ ከታንከሩ ከወጣ በኋላ የትም ቦታ ሽቅብ እንዳይመለስ፣ በሜትር ቢያንስ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር እየወረደ እንዲሄድ ያስደርጉ። ግንብ መሻገር ግዴታ ከሆነ ግንቡን በስቶ ማለፍ ከላዩ ከመሻገር በብዙ ይሻላል። ያም ካልተቻለ ከጉብታው አናት ላይ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሽቅብ አውጥተው፣ ጫፉ ከታንከሩ የውሃ ከፍታ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ክፍት ይተዉት። አየሩ ራሱ ይወጣል፣ ውሃው አይደርስበትም። ጫፉን ወደ ታች ያጥፉት፤ ዝናብና ነፍሳት እንዳይገቡበት።

በነገራችን ላይ፣ ታንከሩ ላይ ያለውን የአየር መተንፈሻ ጨርሶ አይድፈኑት። «ከሱ ውሃ ይንጠባጠባል» ብለው በታፕ የሚዘጉት አሉ። ያኔ ውሃ ሲቀዳ አየር መግቢያ ያጣል፤ የሙቁ ፍሰት ይቀንሳል፣ የውስጡ ታንከርም ሊጨማደድ ይችላል። የተጨማደደ ታንከር አይጠገንም።

ታንከሩ ላይ 60 ዲግሪ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ግን ለብ ያለ ብቻ ነው። ቧንቧው አጭር ነው። ታዲያ?

ቀዝቃዛ ውሃ በቤት ውስጥ ወደ ሙቁ መስመር እየገባ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጸዳጃ ቤት እጅ ሻወር ነው፤ ከሚክሰር ጋር ተያይዞ፣ ሙቁም ቀዝቃዛውም ክፍት ቀርቶ፣ በእጅ መያዣው ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሁለቱ መስመሮች ተገናኝተው ይውላሉ። ቀዝቃዛው የመንገድ ግፊት አለው፣ ሙቁ የለውም፤ ማን ማንን እንደሚገፋ ግልጽ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በአንድ እጀታ የሚሠራ ሚክሰር ውስጥ ያለው ካርትሬጅ ሲበላ እንዲሁ ያሳልፋል። አንዳንድ ጊዜ ቀዝቃዛው እስከ ታንከሩ ድረስ ይወጣና ማንም ሳይነካው ታንከሩ ሞልቶ ይፈስሳል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከታንከሩ የሚወጣውን የሙቅ መስመር ቫልቭ ይዝጉ፣ ከዚያ አንድ ሙቅ ቧንቧ ብቻ ይክፈቱ። ቧንቧ ውስጥ የነበረው ውሃ ፈስሶ ካለቀ ደህና ነው። መፍሰሱን ካላቆመ ውሃው ከቀዝቃዛው መስመር እየመጣ ነው። በየሚክሰሩ ስር ያለውን መዝጊያ አንድ በአንድ እየዘጉ ሲሄዱ ፍሰቱ የቆመበት ሚክሰር ጥፋተኛው ነው።

የእኔ ባለ ጠፍጣፋ ፓነል ነው። ፓነሉ ያቃጥላል፣ ታንከሩ ግን አይሞቅም።

በጠፍጣፋ ፓነል ውሃው በፓነሉና በታንከሩ መካከል በራሱ ይዞራል፤ ሙቁ ቀሎ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከብዶ ይወርዳል። የሚያንቀሳቅሰው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ የጡጫ ያህል አየር እንኳ ያቆመዋል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከፓነሉ አናት የሚወጣውን ቧንቧና ከታች የሚመለሰውን በእጅ ዳሰስ ያድርጉ። ሲሠራ የላይኛው በጣም ትኩስ፣ የታችኛው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ላይኛው ቧንቧም እስከ ታንከሩ ድረስ ትኩስ ይሆናል። ላይኛው ፓነሉ አጠገብ አቃጥሎ ታንከሩ አጠገብ ከቀዘቀዘ ዙሩ ቆሟል።

ላይኛው ቧንቧ ወደ ታንከሩ ያለማቋረጥ መውጣት አለበት፤ መሐል ላይ ከጎበጠ አየር ይይዛል። የታንከሩ ውሃም ሙቁ ከሚገባበት ቀዳዳ በታች ከወረደ ዙሩ ይቋረጣል፤ ውሃ ከጠፋ በኋላ የሚከሰተው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፣ ሲሞላና ላይኛው ማያያዣ ሲተነፍስ ይመለሳል። ሁለቱ ትክክል ሆነው ዙሩ አሁንም ደካማ ከሆነ የፓነሉ ቀጫጭን ቧንቧዎች በነጭ ቅርፊት ጠብበዋል፤ በዚህ ዓይነቱ ላይ ቅርፊት ከመስታወት ቱቦው ይልቅ እጅግ ይጎዳል።

ቱቦዎቹ ውስጥ ነጭ ቅርፊት አለ ተባልኩ። በርግጥ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው?

ቅርፊቱ ከሚወቀሰው ያነሰ ጥፋተኛ ነው። ከጉድጓድ የሚመጣ ውሃ፣ በአዲስ አበባ ለምሳሌ የአቃቂው፣ የሟሟ ካልሲየም አለው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነጭ ሆኖ ይጣበቃል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የተሻለ ነው። ነገር ግን መስታወቱ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ቢጣበቅ ሙቀቱ ለማለፍ ሌላ መንገድ የለውም፤ ጥቂት ይዘገያል እንጂ ውሃው ውስጥ ይገባል። ጉዳቱ የሚታየው ቅርፊቱ እየተላጠ ቱቦው ታች ላይ ሲደለል ነው። የቱቦው ሲሶ በደለል ከተሞላ ያ ክፍል ውሃ አያዞርም። ከዚህም ይበልጥ ቅርፊት የሚያበላሸው ሴንሰሩን፣ ፍሎተሩን፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈተውን ቫልቭና የማሞቂያውን ሬዚስታንስ ነው፤ ሶላሩ የሚቀዘቅዘውም በእነሱ በኩል ነው።

ስለዚህ ቱቦ ከማውጣትዎ በፊት ከውጭ ይመልከቱ። እያንዳንዱ ቱቦ ጫፉ ላይ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ክብ አለው። ያ ክብ ነጭ ከሆነ ቱቦው ውስጥ የነበረው ባዶ ግድግዳ አየር ገብቶበታል፤ የሚሰበስበውን ሙቀት መልሶ ያወጣል። ቀን ላይ በእጅ ሲነኩትም ጤነኛው ቱቦ ከውጭ ቀዝቃዛ ሲሆን የተበላሸው ይሞቃል። ከ20 ቱቦ አንድ ሁለቱ ነጭ ቢሆኑ ብዙ አይታወቅም፤ አምስት ስድስት ሲሆኑ ግን የቀን ምርቱ ብቻ ሳይሆን ሌሊት የሚያጠፉትም ሙቀት ይሰማል።

ቅርፊቱን ራሴ ማጽዳት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ሁለት ሰውና አንድ ጠዋት ይፈልጋል። መግቢያውን ዘግተው ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ፤ ታንከሩ ሳይፈስ ቱቦ ከተነቀለ ውሃው ሁሉ ላይዎ ይመጣል። ፀሐይ ሳይበረታ ወፍራም ጓንት አድርገው የቱቦውን አቧራ መከላከያ ላስቲክ ወደ ታች ያንሸራቱ፣ ቱቦውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ታንከሩ ውስጥ ገፋ ያድርጉት፣ ታችኛው ጫፍ ከማረፊያው ሲላቀቅ እያዞሩ ወደ ታች ይሳቡት። በኃይል ወደ ጎን መታጠፍ ይሰብረዋል።

መደበኛው 1.8 ሜትር ቱቦ ከ2.5 ሊትር ትንሽ በላይ ይይዛል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ ሟሙቶ፣ በአንድ ቱቦ 130 ግራም ያህል ይበቃል። ቱቦውን በባልዲ ወይም በግድግዳ ተደግፎ አቁመው ሞልተው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይተዉት። አረፋ ማውጣቱ ሲያቆም ይድፉት፣ ረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ስፖንጅ ይሹትና ሁለቴ ያጥቡት። ብረት ነገር አያስገቡ። ሲመልሱት የታንከሩን ላስቲክና የቱቦውን አፍ በሳሙና ውሃ ያርጥቡ፤ ደረቅ ላስቲክ ይገለበጥና በኋላ ያንጠባጥባል።

ለመጸዳጃ ቤት የሚሸጠውን ጠንካራ አሲድ ታንከሩ ውስጥ አይጨምሩ። በውስጡ ያለው ክሎራይድ አይዝጌውን ታንከር በነጠብጣብ ይበሳዋል፤ ቀዳዳው የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ማንም ከአሲዱ ጋር አያይዘውም። ሲትሪክ አሲዱንም ቢሆን ከበረኪና ጋር አያገናኙት፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ለምን ይቀንሳል?

በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ብርድ ነው፣ የሚገባውም ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ በላይ ግን ጥላውን ይመልከቱ። በታኅሣሥ ፀሐይ በስተደቡብ ዘንበል ትላለች፤ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማሱ 58 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው። ከጣሪያዎ 10 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃ በደቡብ በኩል ከቆመ በቀን 6 ሰዓት ላይ 6 ሜትር ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ደግሞ በብዙ ይረዝማል። ሐምሌ ላይ ያልነበረ ጥላ ስለሆነ ሰው ሶላሩን ይጠረጥራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ቱቦዎቹን በስልክ ፎቶ ማንሳት ክርክሩን ይጨርሰዋል።

ስክሪኑ 85 ዲግሪ ይላል፣ ውሃው ግን ቀዝቃዛ ነው። ሴንሰሩ ነው ሶላሩን ያበላሸው?

ፓምፕ በሌለው ሶላር ሴንሰር ውሃ አያሞቅም፣ አያቀዘቅዝምም፤ የሚያየውን ብቻ ይናገራል። ጉዳት የሚያመጣው ተቆጣጣሪው በሱ ቃል ሌላ ነገር ሲያደርግ ነው። በሐሰት 85 ካለ፣ ደመና በሆነ ቀን መነሳት የነበረበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አይነሳም። በሐሰት 15 ካለ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ቆጣሪው ይሮጣል፣ ውሃው ይፈላል። አንድ ምልክት አለ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ታንከር ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስክሪኑ 98 ካለ ውሃው አይደለም፣ ሽቦው ነው።

አብዛኞቹ ሴንሰሮች ሙቀት ሲጨምር የኦም ልካቸው ይቀንሳል። ከግድግዳው የተቆጣጣሪውን መብራት አጥፍተው፣ የሴንሰሩን ሽቦ ከተቆጣጣሪው ነቅለው፣ ሁለቱን የሙቀት ሽቦዎች በመልቲሜትር ይለኩ። በተለመደው ባለ 10 ኪሎ ኦም ዓይነት በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም፣ በ50 ዲግሪ 3.6፣ በ60 ዲግሪ 2.5 አካባቢ ያሳያል። ባልዲው 50 ብሎ መልቲሜትሩ 3.6 ካለ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፣ ተቆጣጣሪውን ይዩ። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል፤ ብዙ ጊዜ አይጥ ነው። ከሚገባው በታች ካነበበ፣ ጣሪያ ላይ በታፕ ብቻ የተጠቀለለው መጋጠሚያ ውሃ ገብቶበታል፤ እርጥበቱ ልኩን ሲቀንስ ስክሪኑ ከእውነቱ በላይ ሙቀት ያሳያል። አዲስ ሴንሰር ከመግዛት በፊት መጋጠሚያውን ቆርጦ በደረቁ ማያያዝና ውሃ በማያስገባ ነገር መሸፈን ይቀድማል።

ሁሉም ነገር ተለክቷል፣ ቱቦዎቹ ጤነኛ ናቸው፣ አየር የለም፣ ጥላ የለም። ታንከሩ ግን ከ35 ዲግሪ አያልፍም። ምን ቀረ?

የውሃ መጠን የሚያነበው ሴንሰር። ይህ ዘንግ ላይ በየደረጃው ያሉ ቀለበቶች ያሉት ነው፤ ውሃ ሲነካቸው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ስክሪኑም 20፣ 50፣ 80፣ 100 በመቶ እያለ ይወጣል። ላይኛው ቀለበት በቅርፊት ከተሸፈነ ውሃው ቢነካውም አይሰማውም። ተቆጣጣሪው «ታንከሩ 80 ላይ ነው፣ አልሞላም» ብሎ ያምናል፤ መሙያ ቫልቩን በተመደበለት ሰዓት ይከፍታል፤ 100 ስለማይል ደግሞ ቶሎ አይዘጋውም።

አሁን የሚሆነውን ይከተሉ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ ታንከሩ ሙሉ ስለሆነ የሚተርፈው ከላይ በመተንፈሻው ይፈሳል። ታንከር ውስጥ ከላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ የበለጠ የሞቀው ነው። ቫልቩ በደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ ቢያስገባ፣ ሁለት ሰዓት ክፍት ከቆየ 120 ሊትር የሞቀ ውሃ ጣሪያ ላይ ፈስሶ በምትኩ 120 ሊትር የ17 ዲግሪ ውሃ ገብቷል። 200 ሊትር የ50 ዲግሪ ታንከር ነበር እንበል፤ የቀረው 80 ሊትር ከአዲሱ ጋር ሲደባለቅ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ሠርታለች፣ ውጤቱ በአሸንዳ ሄዷል።

ምልክቱ ጣሪያው ላይ ነው፦ ከመተንፈሻው ስር የቆርቆሮው ወይም የግንቡ ገጽ ላይ ነጭ የደረቀ ጭረት፣ ዝናብ ሳይዘንብ የረጠበ አሸንዳ። ስክሪኑም ለቀናት ከ80 በመቶ ንቅንቅ አይልም። ማረጋገጫው የመሙያ መስመሩን ቫልቭ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በእጅ ዘግቶ እስከ 11 ሰዓት መተው ነው፤ በዚያ ቀን ታንከሩ 45 ከደረሰ ነገሩ ተገኝቷል። መብራቱን አጥፍተው ዘንጉን ያውጡ፣ ለአንድ ሰዓት ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ይዘፍዝፉ፣ በጨርቅ ይጥረጉና ይመልሱ። ካጸዱት በኋላም 100 ካልነካ ዘንጉ ይቀየራል።

ተገላቢጦሹም አለ። ቅርፊቱ ቀለበቶቹን እርስ በርስ ካገናኘ፣ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ስክሪኑ 100 ይላል፣ ውሃም አይገባም፤ ቱቦዎቹ በባዶ ይግላሉ። ይህን ካገኙ ዘንጉን አጽድተው እንዳበቁ «አሁን ይሙላ» ብለው ቁልፉን እንዳይጫኑት፤ ቱቦዎቹ እስኪበርዱ ሌሊቱን ይጠብቁ። ስክሪኑ በትክክል ሲሠራ የመሙያ ሰዓቱን ከምሽቱ ወደ ሌሊት፣ ለምሳሌ ሁሉም ታጥቦ ካበቃ በኋላ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ያድርጉት፤ በቀን የሚገባ ቀዝቃዛ ውሃ ሁሉ ለማታ ከሚታጠበው ሰው ድርሻ ላይ ነው የሚቀነሰው።